እስከ መስከረም አሥራ አንድ ምሽት

ዳንግላ ከገበያው በላይ፣ ከመኪናው መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ፣ ሁለት ክፍል ያለው የቆርቆሮ ቤት ተከራይተን ሦስት ዓመት ከመንፈቅ ኖረናል። እኔ በአውራጃው ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ጸሐፊ ነበርኩ። ባለቤቴ የዘንገና ገበሬ ልጅ ናት። እንጅባራ አክስቷ ዘንድ ተቀምጣ እስከ ስድስተኛ ክፍል ተምራለች። ስትናደድ በአማርኛ ትጀምርና በአገውኛ ትጨርሳለች። እኔ የፎገራ ሰው ነኝና ዋናው ስድብ ሁልጊዜ ያመልጠኝ ነበር።

አከራያችንን ከተማው ሁሉ ሐጂ ነበር የሚላቸው። ጨው፣ አቡጀዲና ላምባ የሚሸጡበት ሱቅ በመንገዱ በኩል አላቸው፤ መኖሪያቸው ከኛው ግቢ ውስጥ ነው። ቤቱን የተከራየነው በወር በአሥራ ሁለተኛው ቀን ስለነበር የኪራይ ወራችን የሚገባው በሚካኤል ዕለት ነው፤ የሚያልቀውም በወሩ በአሥራ አንድ። ከኛ በፊት የነበረው ተከራይ ቁልፉን አጥሩ ላይ አንጠልጥሎ፣ ደህና ዋሉ እንኳ ሳይል ሄዶባቸው ነበርና፣ ሐጂ በውላችን ላይ አንድ ነገር አስገቡ፤ መልቀቅ የሚፈልግ ተከራይ ሁለት የኪራይ ወር አስቀድሞ በጽሑፍ ያስታውቃል፤ ሁለቱ ወር የሚቆጠረውም ጽሑፉ ከደረሰ በኋላ ከሚገባው አሥራ ሁለተኛ ቀን ጀምሮ ነው። ሦስት ምስክሮች ፈረሙበት። እኔም ሳቅ እያልኩ ፈረምኩ። ከዚያ ቤት የመልቀቅ ሐሳብ ማን ነበረው?

ባለቤቴ ልጅ ሳለች መገጣጠሚያዋን ያሳበጠ ትኩሳት አሟት እንደነበር ታወራልኝ ነበር። ያለፈ ነገር መስሎን ነበር። በሦስተኛው ዓመት ከጉድጓድ ውኃ ቀድታ ስትመለስ መንገድ ላይ ሁለቴ ሦስቴ መቆም ጀመረች። ቀጥሎ እግሯ ያብጥ ጀመር። ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ወሰድኳት። ሐኪሙ የውጭ አገር ሰው ነው፤ አስተርጓሚው ደረቷን በጣቱ እያሳየ፣ “የልቧ በር በደንብ አይገጥምም ነው የሚለው” አለኝ።

እሷ ሳቀች። “የኛ ቤት በርስ የት ይገጥማል? ደህና እየኖርንበት ነው!”

አስተርጓሚው ግራ ገባው። እኔ ልስቅ አልቻልኩም።

ኪኒን ሰጡን፤ ከባድ ነገር እንዳታነሣ፣ ጨው እንድትቀንስ ነገሩን። ወደ ዳንግላ ስንመለስ መኪናው ውስጥ ራሷን ትከሻዬ ላይ አሳረፈችና እንጅባራን ስናልፍ፣ “እናቴ አጠገብ መሆን እፈልጋለሁ” አለችኝ።

ዝውውር ጠየቅሁ። እንጅባራ ካለው ጽሕፈት ቤት አንድ ጸሐፊ በጡረታ ይወጣ ነበርና ሰኔ መጨረሻ ላይ ተፈቀደልኝ። ሥራውን የምረከበው በመስከረም አጋማሽ ነው። ሄጄ ቤት ፈለግሁ፤ አንዲት ሴትዮ ግቢያቸው ውስጥ ያለች አንድ ቤት ሊያከራዩኝ ተስማሙ። “ከባለቤቴ ጋር ነው የምመጣው” አልኳቸው። ከዚያ እናቷ ቤት በበቅሎ ሩቅ አይደለም።

የቀረው ለሐጂ ማስታወቅ ብቻ ነበር። ሐምሌ አሥር ቀን ከሥራ ስመለስ ወረቀትና ቀለም ይዤ መጣሁ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። እሷ አልጋው ላይ ሦስት ትራስ ተደግፋ ተቀምጣለች፤ በዚያን ጊዜ ጠፍጣፋ መተኛት ትታ ነበር፣ ትንፋሽ ያጥራታል።

“ነገ ካልሰጠኻቸው ሚካኤል ያልፋል” አለች። “ካለፈ ሁለቱ ወር ከነሐሴ አሥራ ሁለት ነው የሚጀምረው። ጥቅምትን እዚህ ልታስቆጥረኝ ነው?”

“ነገ ይደርሳል።”

“እንግዲያው ቁጠርልኝ።”

እየጻፍኩ ነገርኳት፤ ከሐምሌ አሥራ ሁለት እስከ ነሐሴ አሥራ አንድ አንድ ወር፤ ከነሐሴ አሥራ ሁለት እስከ መስከረም አሥራ አንድ ሁለተኛው ወር።

“ጳጉሜስ?”

“ጳጉሜ ለብቻዋ ወር አትባልም፤ ኪራይም የላትም። ሁለተኛው ወር ውስጥ ዝም ብላ ታልፋለች።”

አሰብ አደረገችና ፊቷ ፈካ አለ። “አምስት ቀን ተመረቀልን በለኛ! እንቁጣጣሽን እዚህ አክብረን፣ ለመስቀል እናቴ ዘንድ።”

ደብዳቤው አጭር ነበር። ብዙ ሰው ያላነበበው ቢሆንም እኔ ከእነ ቃሉ አልረሳሁትም።

“ለተከበሩ ሐጂ፤ የሚያከራዩኝን ባለ ሁለት ክፍል ቤት ወደ እንጅባራ በመዛወሬ ምክንያት የምለቅ መሆኔን በውላችን መሠረት ሁለት ወር አስቀድሜ አስታውቃለሁ። ይህ ጽሑፍ ሐምሌ 11 ቀን የሚሰጥዎ ስለሆነ ሁለቱ የኪራይ ወር ከሐምሌ 12 ይጀምራል፤ ጳጉሜ በወር ስለማትቆጠር የተከራይነቴ የመጨረሻ ቀን መስከረም 11 ነው። በዚያው ዕለት ከምሽት በፊት ቤቱን አጽድቼ ቁልፉን በእጅዎ አስረክባለሁ። ስለ መልካም ጉርብትናዎ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።”

የመጨረሻዋን መስመር ያስጨመረችኝ እሷ ናት።

በማግስቱ ሱቃቸው ሄጄ ደብዳቤውን ሰጠኋቸው። መነጽራቸው ተሰብሮ ነበርና፣ “አንተው አንብብልኝ” አሉኝ። አነበብኩ። እስክጨርስ ድረስ በእጃቸው የያዙትን አቡጀዲ እያጠፉ እየዘረጉ ቆዩ።

“እሷ ምን ትላለች?”

“እናቷ ዘንድ መሆን ትፈልጋለች፣ ሐጂ።”

“እውነቷን ነው። እናት እያለች…” አልጨረሱትም። ግልባጩ ላይ ‘ደርሶኛል’ ብለው ፈረሙ። “እንግዲህ ውሉን ያጠበቅሁት እኔው ነኝ። ለሚሸሽ ሰው ብዬ ያጻፍኩት ለማትሸሹት ለእናንተ ሆነ።”

ሳምንት ሳይሞላ ሐጂ ለቤቱ ሌላ ሰው አገኙ። ከደብረ ታቦር ወደ ዳንግላ የተዛወረ አስተማሪ ነው፤ ባለትዳር፣ ሚስቱም እርጉዝ። ቤት ለመፈለግ መጥቶ ሳለ ሰዎች ከሐጂ ጋር አገናኙት፤ የነበሩት ተከራዮች ሁለት ወራቸውን ሲጨርሱ ሊገባ በምስክር ፊት ተዋዋለና ዕቃውን ሊያመጣ ተመለሰ።

በነሐሴ ሁሉም ነገር ተገለበጠ። እብጠቱ ከእግሯ ወደ ሆዷ ወጣ። ትራሱ አራት ሆነ። የጤና ጣቢያው ድሬሰር በየሁለት ቀኑ እየመጣ መርፌ ይወጋት ነበር፤ አንድ ቀን ወደ ውጭ ጠራኝና፣ “በዚህ መንገድ መኪና ላይ ብትጭናት ትሞትብሃለች። እስክትሻል አታንቀሳቅሳት” አለኝ። እናቷ ከዘንገና መጡ። በዚያ ዝናብ እስከ እንጅባራ በእግራቸው፣ ከዚያ በጭነት መኪና ነው የመጡት። ልጃቸውን ሲያዩ አላለቀሱም። አጠገቧ ተቀምጠው እግሯን እያሹ በአገውኛ ያወሯት ጀመር፤ ምን እንደሚሉ አልጠየቅሁም።

ያን ጊዜ ነው ሐጂ ዘንድ የሄድኩት።

“ሐጂ፣ ደብዳቤውን ባነሣውስ?” አልኩ። “እስክትሻላት ብቻ።”

ሐጂ ደብዳቤዬን ከሣጥናቸው አወጡት። ዓይናቸው ቀላ።

“ልጄ፣ ወረቀትህ የኔ ብቻ ቢሆን አሁን እቀደው ነበር። ሰውዬው በኔ ቃል ቤቱን ለቆ ተነሥቷል። እርጉዝ ሚስቱን ይዞ ከዘመድ ዘመድ እያረፈ መንገድ ላይ ነው። የት ብዬ ልላክበት?” ወረቀቱን መልሰው አጥፈው፣ “አላህ ያውቃል። እስከ አሥራ አንድ ግን ቤቱ ያንተ ነው። ከአሥራ አንድ በፊት ማንም አይነካህም” አሉ።

ሌላ ቤት ፈለግሁ። ለሁለት ሳምንትም ለሦስት ሳምንትም የሚያከራይ አጣሁ፤ በሽተኛ ይዞ የሚገባን ተከራይ ሰው ይፈራል። ሐጂ የጨው መጋዘናቸውን ሊያስለቅቁልኝ ፈለጉ። ወለሉ ጭቃ ነው፣ ጨው ደግሞ ግድግዳውን አርጥቦታል። እዚያ እሷን ማስገባት አልሆነልኝም። ምናልባት እስከዚያ ይሻላት ይሆናል ብዬ ተውኩት።

እንቁጣጣሽ መጣች። የሰፈር ልጃገረዶች አደይ ይዘው በር ላይ ዘፈኑ። እናቷ ደግፈዋት መስኮቱ አጠገብ ተቀመጠች፤ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ከልጆቹ ጋር ትዘፍን ነበር፤ ድምፅዋ ግን አልወጣም። ያን ዕለት ትንሽ በላች። እኔም ሞኝ ሆኜ ደስ አለኝ።

መስከረም ሰባት ቀን ከረፋዱ ላይ ጋሪ በራችን ላይ ቆመ። አልጋ፣ ሁለት ሣጥን፣ የተጠቀለለ ፍራሽ ተጭኖበታል፤ ሁሉም በዝናብ ረጥቧል። አንድ ቀጭን ወጣት ወረደ፤ ካፖርቱን አውልቆ ጋሪው ላይ ያለችውን ሴት አልብሷታል። ሆዷ ገፍቷል። ስምንት ወር ሳይሞላት አይቀርም።

“ጤና ይስጥልኝ” አለ። “አዲሱ ተከራይ ነኝ። ቤቱ ትናንት መለቀቅ ነበረበት።”

“ትናንት?” አልኩት።

“ሐምሌ አሥራ ሁለት የጀመረ ሁለት ወር ማለት ስድሳ ቀን ነው። ቆጥሬዋለሁ። ትናንት ስድሳው ሞላ።”

ቁጣ አልነበረበትም። ደክሞታል። እኔ ግን ተናደድኩ። ገብቼ የደብዳቤውን ግልባጭ አወጣሁና ዝናቡ ውስጥ ዘረጋሁለት።

“ወር ነው የሚለው፣ መምህር፤ ቀን አይልም። ጳጉሜ አምስት ቀኗ ለብቻዋ ወር አይደለችም። ሁለተኛው ወር የሚሞላው በመስከረም አሥራ አንድ ነው። እስከዚያ ቤቱ የኔ ነው!”

ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር። ሐጂ ከሱቃቸው በነጠላ ጫማ እየሮጡ መጡ። ወጣቱ ደብዳቤውን አነበበ፤ ቀለሙ በዝናቡ እየፈሰሰ ነበር። የሐጂን ፊርማ አየ።

“ልክ ነዎት” አለ ቀስ ብሎ። “የትምህርት ቤት ደመወዝም የጳጉሜ የለውም። እንዴት አላሰብኩትም!” ወደ ሚስቱ ዞረና ካፖርቱን ትከሻዋ ላይ አስተካከለላት።

ይኼኔ ከውስጥ ሳል ተሰማ። የአስተማሪው ሚስት፣ “ማን ታሟል?” አለች። መልስ ሳትጠብቅ ከጋሪው ወርዳ፣ ወገቧን በእጇ ይዛ ገባች። ልከለክላት አልቻልኩም።

ስገባ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ የባለቤቴን እጅ ይዛለች። ባለቤቴ የሴትዮዋን ሆድ ታያለች።

“መቼ ነው?” አለቻት።

“በጥቅምት መጀመሪያ ይሉኛል።”

“ይሄ ቤት በር አይገጥምም” አለች ባለቤቴ፣ በየቃሉ መሃል እየተነፈሰች። “በብርድ ጊዜ ከሥሩ ጨርቅ አድርጊበት። ጓሮ ጎመን አለ። ድንቹ ገና ነው… በጥቅምት ትቆፍሪዋለሽ።”

ሴትዮዋ አለቀሰች። የኔ ባለቤት ግን አላለቀሰችም።

ሐጂ ባልና ሚስቱን ወደ ራሳቸው ቤት አስገቧቸው፤ የራሳቸውን መኝታ ሰጥተው እሳቸው ሱቅ ውስጥ ተኙ። አስተማሪው በየጠዋቱ እየመጣ ውኃ ይቀዳልን፣ እንጨት ይፈልጥልን ነበር። ስለ ቤቱ ሁለተኛ አልተነጋገርንም።

መስከረም ዘጠኝ ቀን ከሰዓት በኋላ ባለቤቴ ጠራችኝ።

“ውሰደኝ” አለች። “ያቺ ልጅ ሰው ቤት ሆና… ቤቷ ትግባ። እኔም ወደ እናቴ አገር ልሂድ።”

“ድሬሰሩ አይሆንም ብሏል። ቤቱ እስከ ነገ ወዲያ የኛ ነው። ከዚያ ወዲያ ደግሞ ሐጂ አይጨክኑም።”

“አንተ በቆጠርከው አይደለም” አለች። ተቆጥታ አይደለም። እጄን ያዘችና በአገውኛ አንድ ነገር ተናገረች። እናቷ ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ምን እንዳለች በኋላም ጠይቄያቸዋለሁ። “ለኔ ነው የተናገረችው” ብለው ተዉኝ፤ እስከ ዕለተ ሞታቸውም አልነገሩኝም።

መስከረም አሥር ማለዳ፣ ፀሐይ ገና ስትወጣ፣ ትራሶቿን ተደግፋ እንደተቀመጠች አረፈች። እናቷ ውኃ ሊያጠጧት ጽዋውን ወደ ከንፈሯ አቅርበው ነበር። እኔ እግሯን ይዤ ነበርኩ። ውኃው በአገጯ ወረደ።

ቤቱን የሞላው ሰው ከየት እንደመጣ አላውቅም። ሐጂ የጭነት መኪና ራሳቸው ለምነው አመጡ፤ እናቷ እዚያው ዳንግላ እንድትቀበር አልፈለጉም። አስተማሪው ከቀርከሃ ቃሬዛ ሲያበጁ አብሮ ገመድ ሲያስር አየሁት። በመኪና እስከ እንጅባራ፣ ከዚያ የአገሯ ሰዎች ተቀብለው በትከሻቸው እየተቀባበሉ ወሰዷት። ሐይቁን በሩቅ ስናልፍ ተሸካሚዎቹ ለጥቂት ጊዜ ቆሙ፤ እዚያ ውኃ ዳር ነው ልጅነቷን ያሳለፈችው። ልጅ ሆና የተነሣችበት ደብር ተቀበረች። ሐጂ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ፣ ዛፍ ሥር፣ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ፍትሐቱ እስኪያልቅ ቆመው ነበር።

ከቀብር ወደ አማቴ ቤት ስንመለስ ሐጂ ክንዴን ያዙኝ። “ቁልፉን ተወው” አሉ። “ሰልስትህን እዚሁ ተቀመጥ። ቤቱን አልፈልገውም። እነሱም እኔ ዘንድ ይቆያሉ፤ እንግዳ የአላህ ነው።”

እሳቸው ወደ ዳንግላ ተመለሱ፤ እኔ ሌሊቱን ቁጭ ብዬ አነጋሁት። ሲነጋ አማቴ ዘንድ ገባሁ።

“እማማ፣ ዳንግላ ደርሼ ልመለስ። ዛሬ አሥራ አንድ ነው።”

ሐዘን ላይ ያለ ሰው በማግስቱ ተነሥቶ ሲሄድ ምን እንደሚባል እሳቸውም እኔም እናውቃለን። የተሰበሰቡት ሴቶች ዞር ብለው አዩኝ። አማቴ ግን፣ “ሂድ” አሉኝ። “ልብሷን ሌላ ሰው እንዳያነሣው። ያቺንም ልጅ ቤቷ አስገባት። ልጄ ያለችው ነው።”

ዳንግላ የደረስኩት ከቀኑ ስምንት ሰዓት ገደማ ነው። አራቱ ትራሶች አንድ ላይ እንደተደገፉ ነበሩ፤ ጀርባዋ ያጎደጎደው ቦታ ገና አልሞላም ነበር። አስተማሪው በሩን አንኳኩቶ ገባና ዕቃ ማሰር ጀመረ። ልብሷን ብቻ እኔ አጠፍኩት። አንድ ሰማያዊ ቀሚስ ነበራት፣ ደብረ ማርቆስ ስንሄድ የለበሰችው፤ እሱን ሣጥን ውስጥ ማስገባት አቃተኝና ከሸሚዜ ሥር አደረግሁት። የአስተማሪው ሚስት ወለሉን ልትጠርግ መጥረጊያ አነሣች፤ “ተይው፣ እኔ ነኝ የምጠርገው” አልኳት። ጠረግሁ። በየጥጉ ጠረግሁ። አጽድቼ አስረክባለሁ ብዬ በእጄ ጽፌ ነበር፤ ከዚያም በላይ ግን ሌላ ሰው አቧራዋን እንዲጠርግ አልፈለግሁም።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ቁልፉን ለሐጂ ሰጠኋቸው። ተቀበሉኝና፣ “ደርሶኛል ብዬ ልፈርም?” አሉ፤ እንደ ልማዳቸው። ከዚያ የተናገሩትን ገና የሰሙት ይመስል ደነገጡ። ሁለት እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አድርገው እንደ ሕፃን አለቀሱ። እኔ ገና ያን ጊዜ ነው ያለቀስኩት። አስተማሪው ጀርባውን ሰጥቶን ቆመ፤ ሚስቱም ደጃፉ ላይ ቆመች፣ እኛ ሳንርቅ ልትገባ አልፈለገችም።

ዕቃዬን ይዤ ወደ ዘንገና ተመለስኩ፤ ሰልስቱ እንዳለፈ ሥራዬን ለመረከብ እንጅባራ ወረድኩ። ዕቃዬን በአንድ አህያ ጭኜ ቤት ያከራዩኝ ሴትዮ ግቢ ደረስኩ። የሰሙት ምንም ነገር አልነበረም። ቤቱን አስጠርገው፣ ግድግዳውን በእበት አስለቅልቀው፣ ማድጋውን ውኃ ሞልተው ይጠብቁኝ ነበር። አህያዋን አዩ፣ መንገዱን አሻግረው አዩ።

“እንኳን ደህና መጣህ” አሉ። “ባለቤትህ ከኋላ ናት?”

እዚያው ደጃፉ ላይ ተቀመጥኩ። ሴትዮዋ ነገሩ ገብቷቸው ይሁን አይሁን አላውቅም፤ ሁለተኛ ሳይጠይቁ ጭነቱን ራሳቸው መፍታት ጀመሩ።